«እንዲከፈል» እና «እንደሚከፈል»፦ የባለአክሲዮኖችን ቃለ ጉባኤ ስለማረም

ጥያቄ፦ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ። የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት እንዳርመው ረቂቁ ተሰጥቶኛል። ጸሐፊው አንድ ቦታ «ገለጹ»፣ ሌላ ቦታ «ይገልጻሉ» ይላል፤ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ደግሞ «እንዲደረግ» ብሎ ይተወዋል። ውሳኔዎቹ ላይ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ይበዛል፤ ቁጥሮቹ ያሉት በተለየ የድምፅ ቆጠራ ወረቀት ላይ ነው። ሁሉንም ወደ ኃላፊ ጊዜ ብለውጠው ይበቃል? ድምፁንስ ከምን ጋር ላመሳክር? ስሞችን አጥፍቼ ረቂቁንና የቆጠራ ወረቀቱን አያይዣለሁ።

ምላሽ፦

አይበቃም። እንዲያውም ሁሉንም ኃላፊ ጊዜ ማድረግ ይህን ረቂቅ ከነበረበት ያባብሰዋል። ቃለ ጉባኤ ውስጥ በጊዜ የሚለያዩ ነገሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአዳራሹ የሆነው አለ፤ ሰው ተናገረ፣ ሪፖርት ቀረበ፣ ድምፅ ተቆጠረ። ጉባኤው የወሰነው አለ። ውሳኔው ወደፊት የሚያስከትለው ድርጊት ደግሞ አለ፤ ይህኛው በጉባኤው ቀን ገና አልተፈጸመም። በረቂቅዎ ገጽ 5 ላይ «አዲስ የሚወጡት አክሲዮኖች በቅድሚያ ለነባር ባለአክሲዮኖች ይሸጣሉ» ይላል። «ተሸጡ» ብለው ቢያርሙት ጊዜው ከጎረቤቶቹ ጋር ይስማማል፤ ነገሩ ግን ሐሰት ይሆናል፤ በዚያ ቀን አንድም አክሲዮን አልተሸጠምና። «ይሸጣሉ» ብለው ቢተዉትም የማን ቃል እንደሆነ አይታወቅም፤ የቦርዱ ዕቅድ ነው? የሰብሳቢው ማብራሪያ ነው? ወይስ የጉባኤው ውሳኔ? የሚጠፋው ግሡ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱም ነው። የቆጠራ ወረቀቱ በዚህ ላይ ድምፅ መሰጠቱን ካሳየ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይቆማል፦ «ጉባኤው አዲስ የሚወጡት አክሲዮኖች በቅድሚያ ለነባር ባለአክሲዮኖች እንዲሸጡ ወስኗል።» ውሳኔው አልፏል፤ ሽያጩ ወደፊት ነው፤ ወሳኙም በስሙ ተጠርቷል።

እኔ የምከተለው አሠራር ይህ ነው። ለትረካው ተራውን ኃላፊ ጊዜ እይዛለሁ፦ ገለጹ፣ አቀረቡ፣ ጠየቁ፣ መለሱ። ለውሳኔ ብቻ የቅርብ ኃላፊውን እለያለሁ፦ ወስኗል፣ አጽድቋል፣ መርጧል፣ ውድቅ አድርጓል። አንባቢ ገጹን ሲገልጥ «ወስኗል» ባየበት ቦታ ሁሉ ውሳኔ እንዳለ ያውቃል፤ ሌላ ቦታ ላይ አያገኘውም። ይህ የግድ የሚባል ሕግ አይደለም፤ «ወሰነ» ብለው ቢጀምሩም ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ገጽ 3 ላይ «ወሰነ»፣ ገጽ 4 ላይ «ተወስኗል»፣ ገጽ 6 ላይ «ይወስናል» ማለት ነው፤ አንድ ቀን የሚከራከር ሰው ቢመጣ ሦስቱን ሦስት ትርጉም ሊሰጣቸው ይችላል።

ከሁሉ የምፈራው ግን የሩቅ ኃላፊውን ነው። ገጽ 4 ላይ «የውጭ ኦዲተሩ ለቀጣዩ ዓመት እንዲቀጥሉ ተወስኖ ነበር» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ሊናገር የፈለገው መወሰኑን ብቻ ይመስለኛል። በአማርኛ ጆሮ ግን «ተወስኖ ነበር» የሚል ሰው ቀጥሎ «ነገር ግን» እንደሚል ይጠበቃል፤ ውሳኔው በኋላ የተሻረ ይመስላል። ይህን ቅርጽ ያለፈው ዓመት ጉባኤ ወስኖት የዘንድሮው ለሻረው ነገር ብቻ ያቆዩት። «ተወስኗል» የሚለው ተደራጊ ቅርጽም ቢሆን ወሳኙን ይሸሽጋል። በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ቦርዱም ይወስናል፣ ጉባኤውም ይወስናል፤ ሥልጣናቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «ጉባኤው ወስኗል» ይበሉ።

እነዚህን በተራ ንባብ ማጥመድ ያስቸግራል፤ ዓይን በታሪኩ ይወሰዳልና። አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ማሰሪያ አንቀጹ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በፊት ያለውን አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ማንበብ ነው። በኮምፒውተር ሲሆን የሰነዱን ቅጂ እከፍትና በማይክሮሶፍት ወርድ `Ctrl+H` ተጭኜ `።` የሚለውን በ `።^p` እተካለሁ፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በራሱ መስመር ላይ ይወርዳል። ከዚያ በፊት ግን ጸሐፊው አራት ነጥቡን በሁለት የእንግሊዝኛ ኮለኖች፣ ማለትም በ `::` ተክቶት እንደሆነ ይዩ፤ በእርስዎ ረቂቅ ግማሹ እንደዚያ ነው፤ እሱን አስቀድመው በ `።` ይተኩት። መስመሮቹ ከተበተኑ በኋላ መጨረሻቸውን ብቻ ወደ ታች መከተል ነው፦ ገለጹ፣ ጠየቁ፣ ይገልጻሉ፣ መለሱ፣ እንዲደረግ፣ ታምኖበታል፣ ጸድቋል። የተሳሳተው እንደ ጠማማ አጥር ብቻውን ብቅ ይላል።

በቃል ፍለጋ የሚተማመኑ ከሆነ ደግሞ ሆሄያቱ ይከዱዎታል። ይኸው ረቂቅ «ድምፅ»ም «ድምጽ»ም ይጽፋል፤ «ጉባኤ»ም «ጉባዔ»ም አለበት፤ «ወስኗል» አንድ ቦታ ላይ «ወስኖአል» ሆኗል። አንዱን ብቻ ፈልገው ሁሉንም አየሁ ቢሉ ሌላኛው ሳይታይ ያልፋል። መጀመሪያ ሆሄያቱን አንድ ያድርጉ፤ ከዚያ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ገጽ 4፣ አራተኛው መስመር፦ «ሰብሳቢው የትርፍ ድርሻው በሁለት ወር ውስጥ እንዲከፈል ገለጹ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በራሱ ላይ ይጣላል። «እንዲከፈል» ትእዛዝ፣ ጥያቄ ወይም ውሳኔ ይጠራል፤ «ገለጹ» ደግሞ መረጃ ይጠራል። ሰብሳቢው መረጃ ሰጥተው ከሆነ «እንደሚከፈል ገለጹ» መባል አለበት። ሐሳብ አቅርበው ከሆነ «እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ» ነው። ጉባኤው ወስኖ ከሆነ ደግሞ ሰብሳቢው ከዓረፍተ ነገሩ ይውጡና «ጉባኤው የትርፍ ድርሻው በሁለት ወር ውስጥ እንዲከፈል ወስኗል» ይባል። በ«እንዲ» እና በ«እንደሚ» መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ኢምንት ነው፤ ለባለአክሲዮኑ ግን በሁለት ወር ውስጥ የመክፈል ግዴታ መኖሩና አለመኖሩ ነው። የትኛው እንደሆነ እኔም እርስዎም ከዚህ ሆነን አናውቅም። የድምፅ ቅጂ ካለ ይሰማል፤ ከሌለ ጸሐፊውና ሰብሳቢው ይጠየቃሉ።

«እንዲ» ብለው የሚቀሩት ደግሞ የባሱ ናቸው። ገጽ 6 ላይ «የቦርድ አባላት አበል ማሻሻያ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲታይ» ይልና ነጥቡ ይመታል። ማሰሪያ የለውም። አራሚ እንዲህ ያለ ጎዶሎ ሲያይ እጁ ይቸኩላል፤ «ተወሰነ» የሚለውን ጨምሮ ያልፋል። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን እኔም አደረግሁት። የአንድ ማኅበር ረቂቅ ላይ «የቅርንጫፉ ሕንፃ ሽያጭ እንዲታይ» የሚል ተንጠልጥሎ አግኝቼ «ተወስኗል» ብዬ ዘጋሁት። ለካስ አንድ ባለአክሲዮን ከመቀመጫቸው ተነሥተው የጠየቁት ነገር ነበር፤ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ሰብሳቢውም «እንመለከተዋለን» ብለው አልፈውት ነበር። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ከወጣ በኋላ ቦርዱ «ጉባኤው ባዘዘው መሠረት» ብሎ ጥናት አስጀመረ። አንድ ግስ ጨምሬ ጉባኤው ያላዘዘውን ትእዛዝ ፈጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ለተንጠለጠለ «እንዲ» ማሰሪያ የምሰጠው ሦስት ነገር ካወቅሁ በኋላ ነው፤ ማን አለው፣ ድምፅ ተሰጥቶበታል ወይ፣ ውጤቱ ታውጇል ወይ።

ከተንጠለጠሉት ባልተናነሰ የሚያስቸግሩ ማሰሪያዎች አሉ፤ ያምራሉ፣ ነገር ግን ምንም አይጨበጥባቸውም። «ታምኖበታል»፣ «ስምምነት ላይ ተደርሷል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «ተቀባይነት አግኝቷል»። በቢሮ ስብሰባ ያልፋሉ። በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ግን ውሳኔ የሚሆነው ድምፅ ተሰጥቶበት ያለፈው ነው፤ ውይይት ላይ የታመነበት ነገር ውሳኔ አይደለም። በረቂቅዎ ውስጥ ሰባት ቦታ እነዚህ ቃላት አሉ። ከቆጠራ ወረቀቱ ጋር ሳስተያያቸው አራቱ ድምፅ አላቸው፤ ሦስቱ የላቸውም። አራቱን «ወስኗል» ወይም «አጽድቋል» እንዲሉ ማቅናት ይቻላል። ሦስቱን ግን ወደ ውይይቱ ክፍል ይመልሷቸው፦ «ተሳታፊዎች ... የሚል አስተያየት ሰጡ።» ከዚያ የበለጠ ክብር አይገባቸውም።

ቀጥሎ በአማርኛ ቃለ ጉባኤ ውስጥ በጣም የሚወደደውን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንመልከት። አጀንዳ 4 እንዲህ ይላል፦ «ጉባኤው የኦዲት ሪፖርቱን አድምጦ፣ በሰፊው ተወያይቶበት፣ አጽድቆ፣ ከተጣራው ትርፍ 60 በመቶው ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል፣ ቀሪው በመጠባበቂያነት እንዲያዝ፣ የኦዲተሩም አገልግሎት ለአንድ ዓመት እንዲራዘም በአብላጫ ድምፅ ተስማምቷል።» ሲነበብ ይፈስሳል። ነገር ግን «አጽድቆ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ የሪፖርቱ መጽደቅ ራሱን የቻለ ውሳኔ ሆኖ ሳለ እንደ መንገድ ማለፊያ ተነግሯል። ከዚያ የትርፍ ክፍፍልና የኦዲተር ሹመት ተከትለው፣ «በአብላጫ ድምፅ» የሚለው አንድ ሐረግ ለሁሉም ጣሪያ ሆኗል። የቆጠራ ወረቀቱ ላይ ለአጀንዳ 4 ያለው አንድ ቆጠራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ፈተናው ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ቦታ ሰንጥቆ ያችኑ ቁጥር በእያንዳንዱ ሥር መድገም ነው። አያድርጉት። ሦስቱ በአንድነት ቀርበው አንድ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶባቸው ከሆነ ቃለ ጉባኤው ያንኑ ይናገር፤ «ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሦስት የውሳኔ ሐሳቦች በአንድነት ለድምፅ ቀረቡ» ይበል፤ ዝርዝሩ ይከተል፤ አንዱ ቁጥር ከሥሩ ይቀመጥ። በየተራ ድምፅ ተሰጥቶባቸው ከሆነ ሁለት ቆጠራ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይፈለጋል። የኦዲተሩን ሹመት የተቃወመ ባለአክሲዮን የትርፍ ክፍፍሉን ሊደግፍ ይችላልና፣ አንዱን ቁጥር ለሦስት መቅዳት ያልተሰጠ ድምፅ መፍጠር ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ስመጣ የማስቀድመው መነሻውን ማግኘት ነው። በረቂቁ መግቢያ ላይ የማኅበሩ ጠቅላላ አክሲዮን 50,000 እንደሆነ፣ በአካል 29,700፣ በውክልና 6,500፣ በድምሩ 36,200 አክሲዮን እንደተወከለ ተጽፏል። ይህ ከ50,000 ውስጥ 72.4 በመቶ ነው፤ ረቂቁም 72.4 ይላል፤ ልክ ነው። ከዚህ በኋላ በየአጀንዳው ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ሲደመሩ 36,200 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ የሚያስረዳ ነገር ሊኖር ይገባል።

አጀንዳ 3 በረቂቁ «በ58 ድጋፍ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። 58 የሰው ቁጥር ነው፤ እጅ ያወጡትን ቆጥረዋል። ሌሎቹ አጀንዳዎች በአክሲዮን ተቆጥረዋል። «ድምፅ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ስለሚያገለግል ማንም አልደነገጠም። በቃለ ጉባኤው ውስጥ ቁጥር በተጻፈ ቁጥር መለኪያው አብሮት ይጻፍ፦ «58 ባለአክሲዮኖች» ወይም «36,200 አክሲዮን»። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውም ያጠራጥራል። ሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ አንድ ባለአክሲዮን «ተቃውሟቸው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ» ተብሏል። ተቃውመው ተናግረው በኋላ ደግፈው ድምፅ ሰጥተው ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይህን ያደርጋል። እጃቸውን ሳያወጡ ቀርተው ሊሆንም ይችላል። እንዲያ ከሆነ «በሙሉ ድምፅ» ውሸት ነው። የሚመዘገብ ተቃውሞ ተራ ወግ አይደለም፤ በብዙ አገሮች ሕግ ውሳኔን በፍርድ ቤት ለመቃወም የሚነሣ ሰው መቃወሙን የሚያሳየው በዚያ መስመር ነው። ስለዚህ ይጠየቅ።

አጀንዳ 4 ላይ ድጋፍ 30,100፣ ተቃውሞ 5,500 ተብሏል። ድምሩ 35,600 ነው፤ 600 አክሲዮን ጎድሏል። የመጀመሪያው ግምት አንድ ሰው አቋርጦ ወጥቷል የሚል ነው። ነገር ግን ቀጣዩን ይዩ፤ አጀንዳ 5 ላይ 23,900፣ 11,400 እና 900 ሲደመሩ 36,200 ይመጣሉ። የወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ አጀንዳ 5ም በ600 ይጎድል ነበር፤ ወጥቶ ካልተመለሰ በቀር። ስለዚህ 600ዎቹ አዳራሹ ውስጥ ሳይሆኑ አይቀርም። ምናልባት ድምፀ ተአቅቦ ሆነው ሳይመዘገቡ ቀርተዋል፤ ምናልባት ምልክት ያልተደረገበት ወይም የተበላሸ የድምፅ ወረቀት ነበር። ይህን የሚናገሩት ድምፅ ቆጣሪዎቹና የተቀመጡት ወረቀቶች ናቸው። እርስዎ በኅዳጉ ላይ «ድምር 35,600፤ ከተወከለው በ600 ያንሳል፤ የድምፅ ወረቀቶቹ ይታዩ» ብለው ይጻፉ እንጂ በግምት «ድምፀ ተአቅቦ 600» ብለው አይሙሉት።

አሁን የአጀንዳ 5ን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው፤ ረቂቁን ለመፈረም የማይበቃ የሚያደርገው እሱ ነውና። የካፒታል ማሳደጊያው ነው። ረቂቁ «የውሳኔ ሐሳቡ ከሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 66 በመቶ በላይ ድምፅ በማግኘቱ ጸድቋል» ይላል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 23,900 ለ36,200 ሲካፈል 66.02 በመቶ ነው። 66ን በጥቂት አልፏል። ነገር ግን ሁለት ሦስተኛ 66 በመቶ አይደለም፤ 66.67 ገደማ ነው። ከ36,200 ሁለት ሦስተኛው 24,133 ከሲሶ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 24,134 ድምፅ ያስፈልጋል፤ 234 ጎድሏል። ጸሐፊው ክፍልፋዩን ወደ በመቶ ሲለውጥ ጅራቱን ስለቆረጠው የወደቀ ሐሳብ አለፈ። ለዚህ ነው የሚፈለገውን አብላጫ በክፍልፋይና በሙሉ ቁጥር እንጂ በተጠጋጋ በመቶ መጻፍ የማልወደው።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት 900 ከስሌቱ ቢወጡ ድምፅ የሰጡት 35,300 ይሆናሉ። የዚህ ሁለት ሦስተኛ 23,534 ድምፅ ይጠይቃል፤ 23,900 ደግሞ በ366 ያልፈዋል፤ 67.7 በመቶ ነው። ስለዚህ ውሳኔው የሚያልፈውም የሚወድቀውም ሁለት ሦስተኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ ታይቶ ነው። ይህ በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግ ልዩ ውሳኔ 75 በመቶ የሚጠይቀው ድምፅ ከሰጡት ላይ ነው፤ ያልሰጠ አይቆጠርም። በአሜሪካ በዴላዌር ሕግ የኩባንያው ደንብ ሌላ ካላለ ለተራ ጉዳይ አብላጫው የሚሰላው ከተገኙትና ድምፅ መስጠት ከሚችሉት አክሲዮኖች ላይ ስለሆነ፣ ድምፀ ተአቅቦ በውጤቱ እንደ ተቃውሞ ይሆናል። በፈረንሳይ ድምፀ ተአቅቦ እንደ ተቃውሞ ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። አንዳንድ የመመሥረቻ ጽሑፎች ደግሞ ከጠቅላላው አክሲዮን ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ ከ50,000 ላይ 33,334 ይፈለጋልና ይህ ሐሳብ አጠገቡም አልደረሰም። የእርስዎ ማኅበር የመመሥረቻ ጽሑፍና የሚገዛችሁ ሕግ ምን እንደሚሉ ከፍተው ያንብቡ። «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር የማን ሁለት ሦስተኛ እንደሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም።

እና አራሚው ምን ያደርጋል? ውጤቱን አይገለብጥም። ሰብሳቢው በአዳራሹ «አልፏል» ብለው አውጀው ከሆነ ማወጃቸው የሆነ ነገር ነው፤ ይመዘገባል። እርስዎ የሚያደርጉት የሆነውን ከድምዳሜው መለየት ነው። እኔ ብሆን መስመሩን እንዲህ እተካውና ለሰብሳቢውና ለሕግ ባለሙያው እልካለሁ፦

«ካፒታሉን ለማሳደግ በቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ ድምፅ ተሰጠ። ድጋፍ 23,900 አክሲዮን፣ ተቃውሞ 11,400 አክሲዮን፣ ድምፀ ተአቅቦ 900 አክሲዮን፤ ድምር 36,200 አክሲዮን። ሰብሳቢው የውሳኔ ሐሳቡ ማለፉን አስታወቁ።»

«ጉባኤው ወስኗል» የሚለው የለበትም፤ ሆን ብዬ ነው። ግሦቹም ሁሉ ተራ ኃላፊ ናቸው፤ ተሰጠ፣ አስታወቁ። የሚፈለገው አብላጫ መገኘቱን የሚያረጋግጥ ሰው ሲያረጋግጥ ብቻ «ጉባኤው ካፒታሉ እንዲያድግ ወስኗል» የሚለው ይጨመራል፤ ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደተሰላም አብሮ ይጻፋል። ካልተረጋገጠ ቃለ ጉባኤው የሆነውን በታማኝነት ይዞ ይቆያል።

ስለ ውሳኔው ቃል አንድ ነገር ልጨምር። ለጉባኤው ተነብቦ ድምፅ የተሰጠበት ጽሑፍ ካለ፣ ቃለ ጉባኤው ውስጥ የሚገባው ያው ጽሑፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቢያነክስም፣ ቃሉ ባይጥምዎትም አያሳምሩት፤ ባለአክሲዮኖቹ ድምፅ የሰጡት ለእርስዎ አማርኛ አይደለም። በዙሪያው ያለውን ትረካ ግን እንደልብዎ ያቅኑ። አክብሮቱም አንድ ይሁን፤ ገጽ 2 ላይ ትልቁ ባለአክሲዮን «ጠየቁ»፣ ትንሹ «ጠየቀ» ተብለዋል። ጸሐፊው አስቦበት አይመስለኝም፤ የተጻፈበት ሰው ግን ያስብበታል።

ጊዜውና ቁጥሩ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ንባብ በሁለት ሰው ነው። ድምፅ ከቆጠሩት አንዱ ወረቀታቸውን ይዘው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እርስዎ ቃለ ጉባኤውን ይከተሉ። በሌላ አቅጣጫ አያድርጉት፤ የእርስዎን ጽሑፍ ሲሰሙ ሰዎች «አዎ አዎ» ማለት ይቀናቸዋል። 23,900 እና 29,300 በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሲነበቡ ግን ጆሮ ይለያቸዋል።

ረቂቁ ገና ስላልተፈረመ ይህ ሁሉ በቀላሉ ይታረማል። ከተፈረመ በኋላ ቢሆን ኖሮ መሰረዝም መደምሰስም አይቻልም ነበር፤ ማስተካከያው ለብቻው ተጽፎ፣ የፈረሙት ሰዎች ፈርመውበት ይያያዛል፤ የውሳኔውን ፍሬ ነገር የሚነካ ከሆነ ደግሞ ለጉባኤው ይመለሳል። ስለዚህ ረቂቁን አጽድተው ሳይሆን ጥያቄዎቹን ቁጥር ሰጥተው በኅዳግ እንደተጻፉ ይመልሱት። እኔ የቆጠርኳቸው ዘጠኝ ናቸው። ገጽ 6 ላይ ያለውን «እንዲታይ»ም ማሰሪያ ሳይሰጡት፣ ከጎኑ «ማን አለ? ድምፅ ተሰጥቶበታል?» ብለው እንዳለ ይተዉት።